ከመቶ ብር ስንቱ ቀረ?

ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም። ልጆቹ ተኝተዋል። ጠረጴዛው ላይ የባንክ ደብተር፣ የቁጠባና ብድር ማኅበሩ ደብተር፣ ዳርና ዳሩ የተጣጠፈ የወጪ መመዝገቢያና ሁለት ስልኮች ተዘርግተዋል። ባልየው ቀኑን ሙሉ በራይድ ሲሠራ ውሎ አሁን ነው የገባው። ሚስትየውም ለእንቁጣጣሽ የታዘዘችውን የመጨረሻ የሐበሻ ቀሚስ አስረክባ የስፌት ማሽኗን ገና መክደኗ ነው። የተቀመጡት ሳምንት ሙሉ ሲንከባለል የቆየ ክርክር ለመቋጨት ነው።

“ዘንድሮ ከገቢያችን ሲሶ የሚጠጋውን አስቀምጠናል” ይላል እሱ። “ዕቁብ እንጥላለን፣ ማኅበር እንቆጥባለን፣ ባንክ ያለውም ከእጥፍ በላይ ሆኗል።”

“ታዲያ ለመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ ከማን እንበደር እያልን ያለነው ለምንድን ነው?” ትላለች እሷ።

ይህ ቤተሰብ ከብዙ ቤቶች ኑሮ ተውጣጥቶ ለማሳያ የቀረበ ነው፤ ቁጥሮቹም ለስሌት እንዲመቹ ተጠጋግተዋል። ክርክሩ ግን እንዲህ ያለ ገቢ ባለበት ቤት ሁሉ የሚነሳ ነው። የወር ደመወዝተኛ ከደመወዙ ላይ ያስቀረውን ለደመወዙ አካፍሎ የቁጠባ ምጣኔውን በአንድ መስመር ያገኛል። ገቢው ከቀን ቀን የሚለያይ፣ ከውጭ አገር ገንዘብ የሚላክለት፣ በዚያ ላይ ብድር የሚከፍል ቤተሰብ ግን አራት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት። ገቢዬ የትኛው ነው? ከተላከልኝ ውስጥ የእኔ የትኛው ነው? ከምከፍለው ብድር ቁጠባ የሚሆነው ስንቱ ነው? ዕቁቡስ ሀብት ነው ወይስ ዕዳ?

በእጅ የገባ ሁሉ ገቢ አይደለም

ባልየው በዓመቱ ከተሳፋሪ የሰበሰበው 656,000 ብር ነው። ቁጥሩ ያስደስታል፤ ነገር ግን ከዚህ ላይ ነዳጅ፣ ለጥሪ ድርጅቱ የሚከፈል ኮሚሽን፣ ጎማና ዘይት፣ ጋራዥ፣ ኢንሹራንስና ቦሎ ሲነሳ 372,000 ብር ይሄዳል። ለቤቱ የሚተርፈው የተጣራ ገቢ 284,000 ብር ነው። ሚስትየውም ከሽሮ ሜዳ ለምትገዛው ጨርቅ፣ ለሸማኔ፣ ለጥልፍና ለክር የምታወጣው ተቀንሶ 132,000 ብር ይቀራታል። ባንክና ማኅበሩ የጨመሩት ወለድ 4,000 ብር ነው። ሦስቱ ሲደመሩ የቤቱ የራሱ ገቢ 420,000 ብር ይሆናል።

የሥራውን ወጪ ከቤት ወጪ ጋር መቀላቀል እዚህ ላይ ዋናው አደጋ ነው። የነዳጅ ወጪ እንደ ቤት ወጪ ከተቆጠረ ገቢውም ወጪውም አብረው ያብጣሉ፤ ምጣኔውም ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይወጣል። በተቃራኒው ደግሞ በዓመት አንዴ የሚመጣው ኢንሹራንስ ከተዘነጋ ሌሎቹ አሥራ አንድ ወራት ከእውነታው የተሻሉ መስለው ይታያሉ። ስለዚህ ለሥራው አንድ ገጽ፣ ለቤቱ ሌላ ገጽ መያዝ ይገባል። ከሥራው ገጽ ወደ ቤቱ ገጽ የሚሻገረው የተጣራው ብቻ ነው።

ከዱባይ የመጣው ገንዘብ

የሚስትየው ታናሽ እህት ዱባይ ትሠራለች። በዓመቱ ውስጥ በተለያየ ጊዜ የላከችው በብር ሲመነዘር 230,000 ደርሷል። ባልየው ይህን ሁሉ ገቢ ላይ ደምሮ፣ ባንክ የቀረውንም ቁጠባ ላይ ደምሮ ነበር። በዚያ ምሽት ግን ሚስትየው የስልኳን መልእክቶች ወደ ኋላ እያገላበጠች፣ ከእያንዳንዱ ሐዋላ ጋር እህቷ የላከችውን ድምፅ እንደገና አዳመጠች።

“እትዬ፣ ይሄ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ነው” ይላል አንዱ። “ይሄን ለእማዬ መድኃኒት ወደ ደሴ አስተላልፊልኝ” ይላል ሌላው። “ይሄን ደግሞ አስቀምጪልኝ፤ ስመጣ ቦታ ነገር እገዛበታለሁ” ይላል ሦስተኛው።

ገንዘቡ በዓላማው ሲለይ ሦስት ቦታ ተከፈለ። ለቤተሰቡ በስጦታ የተሰጠው 110,000 ብር ነው። ለእናት መድኃኒት የተላለፈው 40,000 ብር በዚህ ቤት በኩል ያለፈ እንጂ የዚህ ቤት ገቢም ወጪም አይደለም። የቀረው 80,000 ብር አደራ ነው። በሚስትየው ስም ባንክ ቢቀመጥም የእህት ሀብት ነው፤ በዚህ ቤት ሂሳብ ላይ የሚመዘገበው እንደ ዕዳ ነው። አደራን ቁጠባ ብሎ መቁጠር፣ ባለቤቷ ስትጠይቅ መመለስ የማይቻልበትን መንገድ ይከፍታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለአደራው የተለየ የባንክ ሂሳብ መክፈት፣ ካልሆነም በየወሩ መጨረሻ ከባንክ ቀሪው ላይ ቀንሶ መጻፍ።

ስጦታው ላይም አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በሁለት ገንዘብ መመዝገብ አለበት። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የኤምሬትስ ድርሃም ከዶላር ጋር በቋሚ ተመን (ለአንድ ዶላር 3.6725 ድርሃም) የተሳሰረ በመሆኑ ብሩ በዶላር ላይ ሲወርድ በድርሃምም ላይ በዚያው ልክ ወርዷል። እህት በዓመቱ ለቤተሰቡ የሰጠችው 3,235 ድርሃም ያህል ነው፤ በአማካይ በ34 ብር ሲመነዘር 110,000 ብር ሆነ። ይኸው ድርሃም በቀድሞው ተመን 50,000 ብር ገደማ ብቻ ይሆን ነበር። የእህት ላብ ያው ነው፤ የተለወጠው ተመኑ ነው። የብሩን ቁጥር ብቻ የሚመዘግብ ቤተሰብ ረድኤቱ በእጥፍ ያደገ ይመስለዋል፤ እህት የምትልከውን ስትቀንስም ተመኑ ስለሚሸፍነው ሳያውቀው ይቀራል።

ስለዚህ የቤቱ ሙሉ ገቢ 420,000 የራሱ፣ 110,000 የተሰጠው፣ በድምሩ 530,000 ብር ነው። ባልየው አስቦት የነበረው 650,000 ነበር።

የብድሩ ሁለት ክፍል

መኪናው የተገዛው በከፊል በብድር ነው። ከቁጠባና ብድር ማኅበራቸው 400,000 ብር በ16 በመቶ ዓመታዊ ወለድ፣ በ48 ወር የሚመለስ፤ የወር ክፍያው 11,336 ብር። የመጀመሪያው ክፍያ መስከረም 2017 ተጀመረ። በዓመቱ አሥራ ሁለት ጊዜ ተከፍሎ 136,000 ብር ገደማ ወጥቷል።

“ይሄ ሁሉ ወጪ ነው” ስትል ነበር ሚስትየው። “ዕዳችን እየቀነሰ አይደል እንዴ? ቁጠባ ነው እንጂ” ይላል ባልየው። መልሱ ያለው ከማኅበሩ በሚሰጠው የዕዳ መግለጫ ላይ ነው። የመስከረሙን ክፍያ እንመልከት። የ400,000 ብር የአንድ ወር ወለድ 5,333 ብር ነው። ከ11,336 ብር ላይ ይህ ሲነሳ 6,003 ብር ይቀራል፤ ዋናውን ዕዳ የቀነሰው ይኸው ነው። በጥቅምት ዕዳው 393,997 ብር ስለሆነ ወለዱ ትንሽ ያንሳል፣ ወደ ዋናው የሚሄደውም ትንሽ ይጨምራል። እንዲህ እያለ ዓመቱ ሲዘጋ ወለድ የሄደው 58,500 ብር፣ ዋናውን የቀነሰው 77,500 ብር ገደማ ሆነ። የመጀመሪያው ለገንዘብ ኪራይ የተከፈለ ወጪ ነው፤ ሁለተኛው ቁጠባ ነው፤ ምክንያቱም ቤቱ የሚፈለግበትን በዚያው ልክ አቅልሏል።

ይህ ክፍፍል የሚሠራው ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ የሚታሰብ ከሆነ ነው። አንዳንድ አበዳሪ ግን ወለዱን እስከ መጨረሻው በመጀመሪያው ብድር ላይ ያስባል። ያኔ 16 በመቶው በየዓመቱ 64,000፣ በአራት ዓመት 256,000 ብር ይሆናል። በቀሪ ዕዳ ላይ ሲታሰብ ግን የአራት ዓመቱ ወለድ 144,000 ብር ገደማ ነው። በሁለቱም ውል ላይ የሚጻፈው “16 በመቶ” ነው። ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ የሁለተኛው ወር ወለድ ከመጀመሪያው ወር ያንሳል ወይስ እኩል ነው? እኩል ከሆነ ብድሩ ከሚመስለው በላይ ውድ ነው።

ሌላም ገደብ አለ። የመኪናው ገበያ ዋጋ ጨመረ ተብሎ ትርፉ ቁጠባ ላይ አይደመርም፤ ማንም ከገቢው አላስቀረውምና። መኪናው እያረጀ መሄዱም ወጪ ነው። ሞተር የሚታደስበት ቀን ሲመጣ የዚያ ዓመት ምጣኔ ይወድቃልና ጥንቁቅ ሰው በየዓመቱ ከሥራው ገጽ ላይ ትንሽ ያነሳለታል።

ዕቁቡ ዕዳ የሆነበት ቀን

ጥንዶቹ በወር 5,000 ብር የሚጣልበት፣ ሃያ ሰው ያለበት ዕቁብ አላቸው። ከመስከረም ጀምሮ በየወሩ ጥለዋል፤ የካቲት ላይ ወጣላቸውና 100,000 ብር ተቀበሉ። ማቀዝቀዣ ተገዛበት፤ የቀረው ለትምህርት ቤትና ለቤት ኪራይ ሄደ። ባልየው በዚያ ምሽት ዕቁቡን “60,000 ብር ቆጥበናል” ብሎ መዝግቦት ነበር። የጣሉት በእርግጥ 60,000 ነው።

ነገር ግን ዕቁብ ከመውጣቱ በፊትና ከወጣ በኋላ የተለያየ ነገር ነው። ሳይወጣ የሚጣለው ብር ሌሎች ዘንድ ያለ ቁጠባ ነው። ከወጣ በኋላ የሚጣለው ያለ ወለድ የተበደሩትን መመለስ ነው። የደረሳቸው 100,000 ብርም ገቢ አይደለም፤ ከፊሉ የራሳቸው፣ ከፊሉ የሌሎች ዕቁብተኞች ነው። በዓመቱ መጨረሻ 60,000 ጥለው 100,000 ወስደዋልና ቀሪ ስምንት ዕጣ፣ ማለትም 40,000 ብር ይፈለግባቸዋል። ዕቁቡ በመዝገባቸው ላይ የሚጻፈው ከዜሮ በታች 40,000 ተብሎ ነው። ዕጣው ባይወጣላቸው ኖሮ በዚሁ ቀን 60,000 ብር ሀብት ይሆን ነበር። ዕድር ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ ለክፉ ቀን መድን ሆኖ ያገለግላል እንጂ ተመልሶ ስለማይሰበሰብ ወጪ ነው።

ሁለት ቀን የተነሳ ፎቶ

አሁን ስሌቱ ቀለለ። የቁጠባን መጠን ለማወቅ እያንዳንዱን ሽንኩርትና ትራንስፖርት መመዝገብ የግድ አይደለም። በመስከረም 1 እና በጳጉሜን 5 ምን እንደነበራቸውና ምን እንደሚፈለግባቸው ጎን ለጎን ማስቀመጥ በቂ ነው፤ ልዩነቱ ቁጠባው ነው። ጥንዶቹ ያገኙት ይህ ነው፦

- ባንክ፦ ከ65,000 ወደ 172,000፤ አደራው 80,000 ሲነሳ የጨመረው 27,000
- በእጅ ያለ ጥሬ ገንዘብ፦ ከ5,000 ወደ 6,000፤ የጨመረው 1,000
- የማኅበር ቁጠባ፦ ከ30,000 ወደ 48,000፤ የጨመረው 18,000
- ዕቁብ፦ ከዜሮ ወደ 40,000 ዕዳ፤ የቀነሰው 40,000
- የመኪና ብድር፦ ከ400,000 ወደ 322,500፤ የተቃለለው 77,500

ድምሩ 83,500 ብር ነው። ለ530,000 ብር ሲካፈል 15.8 በመቶ ይሆናል፤ ከመቶ ብር አሥራ ስድስት ብር ሊሞላ ጥቂት የቀረው። በወር ሲታሰብ 6,960 ብር ገደማ ነው።

ባልየው ያሰበው ዕቁቡን 60,000፣ ማኅበሩን 18,000፣ የባንኩን ጭማሪ አደራውን ሳይቀንስ 107,000 አድርጎ በድምሩ 185,000 ነበር፤ ከ650,000 ላይ 28 በመቶ። ሚስትየው ደግሞ የብድሩን ክፍያ ሁሉ ወጪ ስላደረገችው የቀረው 6,000 ብር፣ ከመቶ አንድ ገደማ ብቻ መስሏት ነበር። እሱ የሌላ ሰው ገንዘብ ቆጥሯል፤ እሷ የራሷን ሳትቆጥር ቀርታለች።

ይህ ስሌት ማረጋገጫም አለው። ከ530,000 ላይ 83,500 ቁጠባና 58,500 ወለድ ሲነሳ 388,000 ብር ለኑሮ ወጥቷል ማለት ነው። የሚስትየው መመዝገቢያ ሲደመር ግን 361,000 ብር ነው። የ27,000 ብር ልዩነት አለ። ሁለቱ ተያዩ፤ ከዚያ እየተቀባበሉ ማስታወስ ጀመሩ። የሠርግ ስጦታ፣ የለቅሶ ቤት፣ ለዘመድ ልጅ በቴሌብር የተላከ፣ መንገድ ላይ የተከፈለ ምሳ። ገንዘቡ አልጠፋም፤ ሳይጻፍ ወጥቷል። ልዩነቱ እንዲህ ሲታወስ የማያልቅ ሲሆን ግን ሦስት ቦታ መፈተሽ ይገባል፦ ሁለት ጊዜ የተቆጠረ ገቢ፣ የተረሳ ዱቤ፣ ወደ ቤት ገጽ የሾለከ የሥራ ወጪ።

ወሩን ብቻ ማየት ለምን ያሳስታል?

ጥር ላይ ለጥምቀትና ለሠርግ ልብስ የሚያሰፋው ሰው ብዙ ነበር። የቤቱ ገቢ 62,000 ብር ሲሆን 22,000 ቀረ፤ 35.5 በመቶ ማለት ነው። መጋቢት ግን ከዳር እስከ ዳር ሁዳዴ ነበር፤ ሠርግ የለም፣ ትእዛዝም የለም። ገቢው 27,000 ሆኖ ከነበረው ላይ 14,000 ብር ተበላ፤ ከዜሮ በታች 51.9 በመቶ።

የሁለቱን ወራት መቶኛ ደምሮ ለሁለት ያካፈለ ሰው ከዜሮ በታች 8 በመቶ ያገኛል፤ ቤተሰቡ በኪሳራ ላይ ያለ ይመስላል። እውነታው ግን በሁለቱ ወራት 89,000 ብር ገብቶ 8,000 ብር ቀርቷል፤ ይህ 9 በመቶ ቁጠባ ነው። ስህተቱ የመጣው ትንሽ ገቢ ያለበት ወር ትልቅ ገቢ ካለበት ወር እኩል ስለተመዘነ ነው። ስለዚህ ገቢው የሚዋዥቅ ቤት መቶኛን ከመቶኛ ጋር አይደምርም። የዓመቱን ቁጠባ በብር ይደምራል፣ የዓመቱን ገቢ በብር ይደምራል፣ ከዚያ ያካፍላል። አዲስ ወር ሲዘጋ ያለፈውን ዓመት ያንኑ ወር አውጥቶ አዲሱን ያስገባል። እንዲህ ሲሆን በዓላቱም ጾሙም፣ የመስከረሙ የትምህርት ቤት ክፍያም ሁልጊዜ በስሌቱ ውስጥ አንድ አንድ ጊዜ ይገኛሉ። ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር አጣምሮ መያዝ ነው፤ የአምስት ቀን ወር ለብቻው ምንም አይናገርም።

ከባዱ ቁጥር

ምሽቱ ገፍቶ ሳለ ሚስትየው አንድ ተጨማሪ መስመር ጻፈች፦ “እህቴ ባትልክስ?”

የቤቱ የራሱ ገቢ 420,000 ነው። ወጪው ሳይለወጥ የእህት 110,000 ቢቀር 83,500 ቁጠባ መሆኑ ይቀርና 26,500 ብር ጉድለት ይሆናል። ምጣኔው ከዜሮ በታች 6.3 በመቶ ነው። በሌላ አነጋገር፣ የዓመቱ ቁጠባ በሙሉ ከዱባይ የመጣ ነው፤ እንዲያውም የኑሮው ከፊል በእሷ ተሸፍኗል። የእህት ውል ቢቋረጥ ወይም እሷ አገሯ ብትገባ ይህ ቤት ያስቀመጠውን እየበላ ወደ ዕዳ ይሄዳል።

የሚስትየው የመጀመሪያ ጥያቄም እዚህ መልስ አገኘ። ከ83,500 ብሩ ውስጥ 77,500 ብድር በማቃለል መልክ ነው። የማኅበሩ 18,000 ደግሞ ብድሩ ሳያልቅ አይወጣም። ተቆጥቧል፤ ግን ለመስከረም ክፍያ አይደርስም። እንደተፈለገ የሚወጣው የዓመቱ ጭማሪ 28,000 ብር ብቻ ሲሆን፣ ከፊቱ 40,000 ብር የዕቁብ ዕዳ ተሰልፏል።

የቀረው ገንዘብ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄም ከዚሁ ይመዘናል። ለቁጠባ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ 7 በመቶ ነው። በ2017 ማብቂያ የዋጋ ንረቱ በይፋዊው መረጃ ከ13 በመቶ በላይ ነበር። በዚህ ወለድ ባንክ የተቀመጠ ብር በቁጥር እያደገ በመግዛት አቅሙ ይቀንሳል። 16 በመቶ ወለድ ያለበትን ብድር ቀድሞ መቀነስ፣ ውሉ ቅጣት ከሌለበት፣ ለዚህ ቤት ከባንኩ ወለድ የተሻለ ትርፍ አለው። ግን ለሁለትና ሦስት ወር ኑሮ የሚሆን ገንዘብ በቅርብ ሳይያዝ ይህን ማድረግ አይመከርም፤ የሁዳዴው ዓይነት ወር ሲመጣ እንደገና መበደር ይከተላልና።

እንዲህ ያለ ቤት ያለው አንባቢ ሁለት ቁጥር ይያዝ፤ አንዱ ከውጭ የሚላከው ተጨምሮ፣ ሌላው ሳይጨመር። የመጀመሪያው ዛሬ ስንት እንደቀረ ይነግራል፤ ሁለተኛው ላኪው ሲያቆም ቤቱ ይቆም እንደሆነ ይነግራል። ሁለተኛው ከዜሮ በታች ከሆነ፣ የመጀመሪያው የቱንም ያህል ቢያምር የቤቱ ሥራ አላለቀም። የሚያስፈልገው አንድ ምሽት፣ የባንክና የማኅበር ደብተር፣ ከአበዳሪው የተወሰደ የዕዳ መግለጫ፣ እንዲሁም ከላኪው ጋር “ይህ ስጦታ ነው ወይስ አደራ?” ብሎ በግልጽ መነጋገር ነው። ለዚህ ዓመት ካልደረሰ፣ ዛሬ ያለዎትንና የሚፈለግብዎትን ጽፈው ቀኑን ያስፍሩበት፤ የዛሬ ዓመት የሚያወዳድሩበት መነሻ እሱ ነው።